ኮራጅ የምትል አንዲት ቃል

ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ የግጥም መድበል ላይ ሂስ ጽፌ ነበር። መድበሉን አልወደድሁትም። ቤት አመታቱ የላላ፣ ምስሎቹም በየገጹ የሚደጋገሙ መሆናቸውን በዝርዝር ካሳየሁ በኋላ ጽሑፉን ስዘጋ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨመርሁ። «ገጣሚው ኮራጅ ነው» አልሁ። እውነቱን ለመናገር ዓረፍተ ነገሯን የጻፍኋት ለመዝጊያ ስላማረችኝ ነበር።

ሂሱ በወጣ በሳምንቱ ስልክ ተደወለልኝ። የደወሉት ገጣሚው ራሳቸው ነበሩ፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። አልተቆጡም፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። «ልጄ፣ ግጥሞቼ አይጥሙም ማለትህን አንብቤዋለሁ። እሱ ያንተ ጣዕም ነው፤ ምንም አልልህም። ኮራጅ ያልኸኝን ግን ከማን እንደ ኮረጅሁ ንገረኝ። ልጆቼ ሲጠይቁኝ የምመልሰው ይኑረኝ» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። «እመለከተዋለሁ፣ ጋሼ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

እኒያ ሽማግሌ ሕግ የተማሩ ሰው አልነበሩም። ነገር ግን በሁለት ዓረፍተ ነገር የለዩትን ነገር ለመለየት ፍርድ ቤቶች አንዳንዴ ሁለት ዓመት ይፈጅባቸዋል። «አይጥምም» እና «ኮረጀ» የሚሉት ቃላት ሁለቱም ያማሉ፤ በሕግ ዓይን ግን የተለያዩ ፍጡራን ናቸው። ከዚያ ስልክ ወዲህ የስም ማጥፋትን ሕግ እንደ አንድ የሥነ ጽሑፍ አንባቢ ስከታተል ቆይቻለሁ። እንደ እኔ እምነት በዚህ ሕግ ውስጥ ለጸሐፊ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ይህ ልዩነት ነው፤ ስለዚህ የዛሬው ጽሑፌ በእሱ ዙሪያ ይሆናል።

አስቀድሞ ስም ማጥፋት ምን ሲሟላ ነው ስም ማጥፋት የሚባለው? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2044 ላይ ያስቀመጠውን ሐሳብ በራሴ አነጋገር ልግለጠው። አንድ ሰው በንግግሩ፣ በጽሑፉ ወይም በሌላ መንገድ በሕይወት ያለን ሌላ ሰው እንዲጠላ፣ እንዲናቅ ወይም እንዲሳቅበት በማድረግ እምነቱን፣ ዝናውን ወይም የወደፊት ዕድሉን አደጋ ላይ ከጣለ አጥፍቷል። በእንግሊዝ ሕግም መሠረቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሦስት ነገሮች ይፈለጋሉ፦ ቃሉ የሰውየውን ስም በሌሎች ዘንድ የሚያጎድፍ ትርጉም አለው፤ ቃሉ ስለዚያ ሰው የተነገረ መሆኑ ይታወቃል፤ ቃሉም ቢያንስ ለአንድ ሦስተኛ ወገን ደርሷል። ለገጣሚው ብቻ በታሸገ ደብዳቤ «ኮራጅ ነህ» ብላቸው ኖሮ ባለጌ እሆን ነበር እንጂ በዚያ ሕግ ስም አጥፊ አልሆንም ነበር።

ከሦስቱ ሁለተኛው ልብ ወለድ ጸሐፊዎችን የሚያታልል ነው። «ስሙን አልጠራሁም» ማለት መከላከያ አይሆንም። ሰውየውን የሚያውቁ አንባቢዎች በአካሄዱ፣ በሰፈሩ፣ በሥራውና በአነጋገሩ ከለዩት ተለይቷል። እኛ ደግሞ ሰምና ወርቅ ስንፈታ ያደግን ነንና ይህ ሊከብደን አይገባም፤ ሕጉ የሚጠይቀው ሰሙን ብቻ ሳይሆን ወርቁንም ነው። ሆኖም በቅኔ ቤትና በፍርድ ቤት መካከል አንድ ልዩነት አለ። ቅኔ ቤት ኅብረ ቃሉ ሁለትና ሦስት ሲሆን ይደሰታል። የእንግሊዝ ዳኛ ግን ተራ የሆነ ምክንያታዊ አንባቢ፣ የዋህም ተጠራጣሪም ሳይሆን፣ ከቃሉ የሚረዳውን አንድ ትርጉም ይመርጥና ክርክሩ ሁሉ በዚያ ላይ ይቆማል። ጸሐፊው በልቡ ያሰበው ሌላ ቢሆንም አይጠየቅም። በእኛም ሕግ ቢሆን ለስም ማጥፋት የመጉዳት ሐሳብ የግድ አስፈላጊ አይደለም። «እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው» የሚለው ምክንያታችን ለወዳጆቻችን ይሆናል እንጂ ለዳኛ ብዙም አይረዳም።

አንዲት ቃል በዚህ መንገድ እንዴት እንደምትመነዘር ለማየት በለንደን የታየ አንድ እውነተኛ ክስ አለ። ሳይመን ሲንግ በትምህርቱ የፊዚክስ ሊቅ፣ በሥራው ደግሞ የሳይንስ ጸሐፊ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 19 ቀን 2008 በጋርዲያን ጋዜጣ የአስተያየት ገጽ ላይ ስለ ካይሮፕራክቲክ ጻፈ፤ ይህ አከርካሪን በእጅ በመጫንና በማስተካከል የሚሰጥ ሕክምና ነው። የእንግሊዝ የካይሮፕራክቲክ ማኅበር አባላቱ የሕፃናትን የሆድ ቁርጠት፣ የጆሮ ልክፈት፣ አስም፣ የእንቅልፍ ችግርና የማያባራ ለቅሶ ማከም ይችላሉ ይል ነበር። ሲንግ ለዚህ ምንም ማስረጃ የለም ካለ በኋላ ማኅበሩ እነዚህን ሕክምናዎች ያስተዋወቀበትን ሁኔታ ሲገልጥ ሁለት ቃላት ተጠቀመ። አንደኛው «በደስታ» የሚል ነው። ሁለተኛው ሕክምናዎቹን የገለጠበት «ቦገስ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ሲሆን፣ በአማርኛ «የውሸት»፣ «የማይረባ»፣ «የማስመሰያ» ማለት ይቻላል።

ማኅበሩ ጋዜጣውን ትቶ ጸሐፊውን ብቻ በስሙ ከሰሰ። ክርክሩ ወደ ማስረጃ ከመግባቱ በፊት ዳኛው ሁለት ነገር መወሰን ነበረባቸው፦ ቃላቱ ምን ማለት ናቸው? እነርሱስ የፍሬ ነገር መግለጫ ናቸው ወይስ አስተያየት? በግንቦት 2009 ዳኛ ኢዲ የሰጡት ውሳኔ ለሲንግ አስደንጋጭ ነበር። «በደስታ» እና «የውሸት» አንድ ላይ ሲነበቡ ማኅበሩ ሕክምናዎቹ እንደማይሠሩ እያወቀ ያስተዋውቃል ማለት ናቸው፤ ይህም የፍሬ ነገር ክስ ነው አሉ። እንግዲህ ሲንግ ሕክምናው እንደማይሠራ ቢያስረዳ እንኳ አይበቃውም፤ የማኅበሩን መሪዎች ልብ ከፍቶ ማወቃቸውንና ማታለላቸውን ማስረዳት ይጠበቅበታል። እሱ ደግሞ እንዲህ ለማለት አስቤ አላውቅም ይላል። ያላሰበውን ነገር እውነት ነው ብሎ እንዲያስረዳ ተፈረደበት ማለት ነው።

ሲንግ ይቅርታ ጠይቆ መውጣት ይችል ነበር፤ ብዙ ሰዎችም በዚህ ደረጃ እጃቸውን ይሰጣሉ። እሱ ይግባኝ አለ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2010 ሦስት ከፍተኛ ዳኞች ውሳኔውን ሻሩ። ምክንያታቸው ለእኛ ለጽሑፍ ሰዎች ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ጽሑፉን እንደ ጽሑፍ አነበቡት። አንድን ቃል ከገጹ ነቅለው አልመዘኑትም። ሲንግ ከዚያች ዓረፍተ ነገር ቀጥሎ ለምን እንዲህ እንደሚል ገልጦ ነበር፤ ሕክምናው ከጀርባ ሕመም ውጭ ላሉ በሽታዎች መጥቀም አለመጥቀሙን የመረመሩ 70 ሙከራዎች ተጠንተው ማስረጃ አለመገኘቱን ጽፏል። ስለዚህ አንባቢው መነሻው ምን እንደሆነ፣ ፍርዱም ምን እንደሆነ ለይቶ ማየት ይችላል። ማስረጃው በቂ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነገር ምዘና ነው፤ ምዘናም አስተያየት ነው። ዳኞቹ እንዲህ ያለውን የሳይንስ ክርክር በፍርድ ቤት ለመቁረጥ መሞከር ችሎቱን ኦርዌል በልብ ወለዱ እንደሳለው የእውነት ሚኒስቴር ያደርገዋል አሉ። ሚልተን በጣልያን አገር ጋሊሌዮን ስለ መጎብኘቱ የጻፈውንም አስታወሱ። ውሳኔው በወጣ በሁለት ሳምንት፣ ሚያዝያ 15 ቀን፣ ማኅበሩ ክሱን ተወ።

ከዚህ ታሪክ ሁለቱን መከላከያዎች በቀላሉ መለየት ይቻላል።

የመጀመሪያው እውነት ነው። ያልሁት ነገር ተፈጽሟል ካልሁ ማስረዳቱ የእኔ ፈንታ ነው፤ በእንግሊዝም በኢትዮጵያም የማስረዳት ሸክሙ በጸሐፊው ላይ ይወድቃል። እያንዳንዷን ጥቃቅን ነገር ማስረዳት ግን ግዴታ አይደለም፤ በእንግሊዝ ሕግ የሚፈለገው የቃሉ መውጊያ በመሠረቱ እውነት መሆኑ ነው። «ስድስት ግጥሞች ቃል በቃል ወሰደ» ብዬ አምስት ቢገኙ መውጊያው አልተለወጠም። አንዲት ስንኝ ብቻ ብትገኝ ግን ያልሁትና ያስረዳሁት አይገናኙም። የእኛ ሕግ በቁጥር 2047 አንድ ቅድመ ሁኔታ ይጨምራል፤ እውነቱን የተናገረው ሰው ዓላማው መጉዳት ብቻ ከነበረ እውነቱ አያድነውም። በዚህ ላይ ልቤ ሁለት ነው። የጎረቤቱን የቆየ ገመና ለማንም በማይጠቅምበት ቀን አደባባይ የሚያወጣ ሰው አለና ሕጉ የሚያየውን ክፋት አያለሁ። ሆኖም ኃያል ሰው እውነት ሲነገርበት ሁልጊዜም «ሊጎዳኝ ብሎ ነው» ማለቱ አይቀርምና «ብቻ» የምትለዋ ቃል በጠባቡ መነበብ አለባት እላለሁ።

እዚህ ላይ በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ሁለት የተወደዱ መሸሸጊያዎች አሉን፤ ሁለቱም ያፈስሳሉ። አንደኛው «ይባላል» ነው። «እንደ ኮረጀ ይባላል» ብሎ የጻፈ ሰው በእንግሊዝ ሕግ ራሱ «ኮረጀ» እንዳለ ይቆጠራል፤ ሐሜት መኖሩን ማስረዳት የሐሜቱን እውነትነት ማስረዳት አይደለምና። ሁለተኛው «ይመስለኛል» ነው። «ገንዘቡን የሰረቀው ይመስለኛል» የሚል ዓረፍተ ነገር ትሕትና ጨመረ እንጂ ስርቆቱን አስተያየት አላደረገውም። ሰርቋል ወይስ አልሰረቀም የሚለው ጥያቄ በምስክርና በሰነድ የሚረጋገጥ ነው፤ ከፊቱ የምንለጥፈው ቃል ይህን አይለውጠውም።

ሁለተኛው መከላከያ በቅንነት የተያዘ አስተያየት ነው። እንግሊዞች ለዘመናት «ፍትሐዊ ትችት» ይሉት ነበር፤ ስሙ ግን ያሳስት ነበር፤ ትችቱ ሚዛናዊ እንዲሆን ማንም አይጠይቅምና። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውና ከጥር 2014 ጀምሮ የሚሠራው የስም ማጥፋት ሕጋቸው «ቅን አስተያየት» ብሎ ሰይሞ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ቃሉ አስተያየት ይሁን፤ ጽሑፉ አስተያየቱ በምን ላይ እንደተመሠረተ በጥቅሉም ቢሆን ይጠቁም፤ በዚያን ጊዜ በነበረ እውነተኛ ፍሬ ነገር ላይ ተመሥርቶ አንድ ቅን ሰው ይህን አስተያየት ሊይዝ የሚችል ይሁን። ተከሳሹ አስተያየቱን በልቡ እንዳልያዘው ከሳሹ ካስረዳ ግን መከላከያው ይፈርሳል። አስተያየቱ ትክክል ይሁን፣ የተከበረ ይሁን፣ ለስላሳ ይሁን አላለም። የእኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2046 የሕዝብን ጥቅም በሚመለከት ጉዳይ ላይ ለሚሰጥ አስተያየት ሰፊ በር ከፍቷል።

አሁን ወደ እኔ ሂስ ልመለስ። «ቤት አመታቱ የላላ ነው» ማለቴ አስተያየት ነው፤ ስንኞቹንም ጠቅሼ አሳይቻለሁና አንባቢው ከፈለገ እኔን ሊያፈርስ ይችላል። «ይህ መድበል መታተም አልነበረበትም» ብዬም ቢሆን፣ ጭካኔ ቢሆንብኝም፣ ያው አስተያየት ነበር። «ኮራጅ ነው» ግን ገጣሚው የሌላ ሰው መጽሐፍ ከፊቱ ዘርግቶ እያወቀ ወስዷል የሚል ታሪክ በውስጡ ይዟል። ከየትኛው መጽሐፍ፣ የትኛውን ግጥም አላልሁም። መነሻውን ስላላሳየሁ አንባቢው ሊመዝነው አይችልም፤ እኔን ከማመን ሌላ ምርጫ አልተውሁለትም። ሲንግ 70 ሙከራዎችን ጠቅሶ ፍርዱን ሰጠ፤ እኔ ፍርዱን ብቻ ሰጠሁ። ዓረፍተ ነገሬን እንዲህ ጽፌው ቢሆን ኖሮስ? «በዚህ ገጽ ያለው ግጥም ቀድሞ ከታተመው ከእገሌ ግጥም ጋር ይህን ምስልና ይህን የስንኝ አወራረድ ይጋራል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጫቸዋለሁ። ለእኔ ይህ ተመሳሳይነት ከውርስ ያለፈ ነው።» ይህ ከመጀመሪያው የለሰለሰ አይደለም፤ እንዲያውም ማስረጃ ስላለው የበለጠ ይጎዳል። ነገር ግን ለገጣሚው የሚመልሱበት፣ ለአንባቢውም የሚፈርድበት ነገር ይሰጣል።

በስምና በነፃ ንግግር መካከል ያለውን ሚዛን የምፈልገው እዚህ ነው። በወዳጆቼ ዘንድ ሁለት ወገን አለ። አንደኛው ወገን ሥነ ጽሑፍ ነፃ ነው፣ የተሰደበም ይመልስ ይላል። ሁለተኛው ወገን ሂስን ሁሉ እንደ ዘለፋ ቆጥሮ ሐያሲን ወደ ችሎት መጎተት ያምረዋል። ሁለቱም ሚዛኑን በቃሉ ምሬት ላይ ያስቀምጣሉ፤ አንዱ ምሬት ሁሉ ይፈቀድ፣ ሌላው ይከልከል ይላል። ምሬቱ መለኪያ አይደለም። አንባቢ ራሱ ሊመዝነው ለሚችለው አስተያየት ነፃነቱ እጅግ ሰፊ ይሁን፤ አንባቢ ሊያጣራው ለማይችለው የፍሬ ነገር ክስ ደግሞ ተናጋሪው ማስረጃውን ይዞ ይቅረብ። ያረጀ ገጣሚ ጋዜጣ የለውም፤ ያለው ስሙ ነው።

ለባለሥልጣን ግን ሚዛኑ ይለወጥ እላለሁ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1964 በኒው ዮርክ ታይምስና በሰሊቫን ክስ ይህን ወስኗል። ጋዜጣው ያተመው ማስታወቂያ ስለ አላባማ ፖሊስ በጻፈው ውስጥ ስሕተቶች ነበሩበት፤ ለምሳሌ ማርቲን ሉተር ኪንግ አራት ጊዜ ታስሮ ሳለ ሰባት ይል ነበር። የአላባማ ዳኞች ለከተማዪቱ ሹም 500,000 ዶላር ካሣ ፈረዱለት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ሽሮ፣ የመንግሥት ሹም ስለ ሥራው በተነገረ ነገር ካሣ የሚያገኘው ተናጋሪው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም ለእውነቱ ፈጽሞ ደንታ ሳይኖረው መናገሩን ካስረዳ ብቻ ነው አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በቅንነት የተሳሳተ ሁሉ የሚቀጣ ከሆነ እውነቱን የያዘውም ማስረዳቱ ስለሚያስፈራው ዝም ይላል። ሹሙ መልስ የሚሰጥበት መድረክ አለው፤ ሥራውም የሁላችንም ጉዳይ ነው። በዚህ ውሳኔ ብስማማም፣ ለገጣሚዬ ግን አልመኘውም። እሳቸው ሹም አልነበሩም፤ የእኔም ስሕተት በቅንነት የተሠራ ነው ለማለት አልደፍርም። አላጣራሁምና።

በመጨረሻ አጣራሁ። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆዩ መድበሎችን ሳገላብጥ ሰነበትሁ። በአእምሮዬ የነበረው ጥርጣሬ ከአንድ ምስል የመጣ ነበር፤ ያ ምስል በሌላ ገጣሚ ዘንድም አለ። ነገር ግን ሁለቱም ያገኙት በለቅሶ ቤት ከሚወርድ ሙሾ ነበር፤ በዚያ አገር ያደገ ሁሉ የሚያውቀው፣ የማንም ያልሆነ ነው። ስለዚህ ሂሱ በወጣበት ቦታ፣ ተመሳሳይ ስፍራ ላይ፣ «ኮራጅ ያልሁት ስሕተት ነው፤ ማስረጃ አልነበረኝም፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ብዬ ጻፍሁ። ስለ ቤት አመታቱ ያልሁትን ግን አልሰረዝሁም።

ገጣሚው እንደገና ደወሉ። አመሰገኑኝና ጥቂት ዝም ብለው «ግጥሞቹንስ አሁንም አልወደድሃቸውም?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አልወደድኋቸውም፣ ጋሼ» አልኋቸው።

ሳቁ። «እሱን እንከራከርበታለን» አሉ፤ ሁለታችንም በሕይወት እስካለን ድረስ ተከራክረንበታል።